ምት የሚከብደው ሲቆም ነው፦ ሂት-ስቶፕና የስክሪን መንቀጥቀጥ ተጫዋቹን ሳያዞሩ

መዶሻ የያዘ ገጸ ባሕርይ አለን እንበል። ተጫዋቹ ቁልፉን ይጫናል፤ መዶሻው ከኋላ ተነሥቶ ከላይ ይወርዳል፤ ጠላቱን ያገኘዋል፤ የጠላቱም ጤና ይቀንሳል። ኮዱ ላይ ምንም ስሕተት የለም። መዶሻው ግን ከካርቶን የተሠራ ይመስላል፤ አየር እንደሚመታ ሁሉ በጠላቱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። የውጊያ ጌም ለመሥራት የሞከረ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። በዚህ ቀን አብዛኞቻችን የምንወስደው እርምጃም አንድ ነው፦ ካሜራውን ማንቀጥቀጥ።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጌሙ ከጎን የሚታይ ቱዲ ጌም ነበር፤ ሥዕሉ 640 በ360 ፒክስል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ፍሬም። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ካሜራው ለ0.6 ሰከንድ እስከ 24 ፒክስል ድረስ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ፣ እስከ 3 ዲግሪ ደግሞ እየተጠማዘዘ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ ድንቅ ነበር። ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ ገደማ እንደተጫወተ ማዛጋት ጀመረ። ከዚያ በምቶቹ መካከል ዓይኑን ከስክሪኑ እያነሣ ግድግዳውን ማየት አመጣ። በመጨረሻ ኮንትሮለሩን አስቀመጠና «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

ስለ መዶሻው ስጠይቀው ያለኝ ነገር ደግሞ ከማቅለሽለሹ በላይ አስደነገጠኝ። «ጌሙ በጣም ይንቀጠቀጣል፤ መዶሻው ግን ብዙም አይከብድም» አለኝ። ለካስ ያን ሁሉ መናወጥ ያወረድኩት በከንቱ ነው። ክብደቱን የፈለግሁት በተሳሳተ ቦታ ነበር።

ክብደቱ ያለው ጊዜው ውስጥ ነው

ከባድ ነገር ሌላ ነገር ሲመታ ምን እንደሚሆን እናስታውስ። መጥረቢያ ግንድ ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱን በቅጽበት ያጣል፤ ይቆማል፤ ኃይሉ ወደ ግንዱ ይገባል። ዓይናችን «ከባድ ነበር» የሚለው ያንን መቆም አይቶ ነው። ሳይዘገይ የሚያልፍ ነገር ግን የሚያስቆመው አላገኘም ማለት ነው፤ እንደዚያ የሚሆነው ደግሞ አየር ውስጥ ብቻ ነው።

ጌም ላይ ይህ በራሱ አይመጣም። አኒሜሽኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት ይጫወታል። በ60 ፍሬም አንድ ፍሬም የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ መዶሻው ጠላቱን የነካባት ቅጽበት፣ ማለትም የጠቅላላው ጥቃት ፍሬ ነገር፣ ዓይን ሳይዛት ታልፋለች። ሂት-ስቶፕ የሚባለው ይህችን ቅጽበት ይዞ ማቆየት ነው። መዶሻው ሲነካ መቺውም ተመቺውም ባሉበት ለጥቂት ፍሬም ይደርቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ይቀጥላል። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ላይ ቡጢ ባረፈ ቁጥር ሁለቱም ተፋላሚዎች ለቅጽበት ቀጥ ይላሉ። ብዙ ሰው ለዓመታት ተጫውቶት ይህን ልብ ብሎ አያውቅም፤ በደንብ የተሠራ ሂት-ስቶፕ መቆም ሆኖ አይታይም፤ የሚሰማው ክብደቱ ነው።

ለመዶሻው የደረስኩባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ማንሣቱ 14 ፍሬም፣ መውረዱ 3 ፍሬም፣ መቆሙ 9 ፍሬም፣ መልሶ መስተካከሉ 20 ፍሬም። 9 ፍሬም ማለት 150 ሚሊሰከንድ ነው። ለቀላል ቡጢ 3 ፍሬም ይበቃል። ጠላትን ለሚጥለው የመጨረሻ ምት እስከ 14 ሄጃለሁ። እነዚህ ሕግ አይደሉም፤ የእኔ አኒሜሽን የፈለጋቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ያስፈልጋል። ቡጢውም መዶሻውም እኩል 9 ፍሬም ቢቆሙ ሁለቱም አንድ ዓይነት ክብደት ይኖራቸዋል፤ መዶሻው ከባድ የሚሆነው ቡጢው ቀላል ስለሆነ ነው። የሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ጌሞች የመቆሚያውን ርዝመት ከምቱ ጉዳት ጋር የሚያያይዙት፣ የኤሌክትሪክ ምቶችንም ከሌሎቹ የበለጠ የሚያስቆሙት ለዚሁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሂት-ስቶፕ ሲበዛ ወይም በደንብ ሳይታይ ሲቀር ተጫዋቹ ጌሙ የተንተባተበ ይመስለዋል። ልዩነቱን ከተጫዋቹ አፍ መስማት ይቻላል፦ «ምቱ ከባድ ነው» ካለ ሠርቷል፤ «ጌሙ ያዝ ያዝ ያደርጋል» ካለ አልሠራም። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬም መቀነስ አይደለም። የምቱ ድምፅና ብልጭታው በመቆሚያው የመጀመሪያ ፍሬም ላይ መጀመራቸውን ማረጋገጥ ነው። ሁለት ፍሬም ከዘገዩ፣ ተጫዋቹ ያለ ምክንያት የቆመ ሥዕል አየ ማለት ነው። ብልጭታውም ሁለቱ አካላት በቆሙበት ሰዓት መንቀሳቀሱን ይቀጥል። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር እስካለ ድረስ ዓይን ጌሙ እንዳልሞተ ያውቃል።

ማን ይቁም?

ቀላሉ መንገድ የጌሙን ጊዜ በሙሉ ማቆም ነው፤ በጎዶት `Engine.time_scale`፣ በዩኒቲ `Time.timeScale` ዜሮ ማድረግ። እኔ አልመክረውም። አንደኛ፣ ጥግ ላይ የቆመው ሌላ ጠላት፣ የሚወርደው ዝናብ፣ የሚወዛወዘው ባንዲራ ሁሉም አብረው ስለሚደርቁ መንተባተቡን ይበልጥ ያስመስላሉ። ሁለተኛ፣ ጊዜውን ዜሮ ያደረገው ኮድ ራሱ በዚያው ጊዜ ከቆጠረ ተመልሶ አይነቃም። ዩኒቲ ላይ ከዜሮ በኋላ `WaitForSeconds` ብሎ የጠበቀ ሰው ጌሙ እዚያው ደርቆ ያገኘዋል፤ `WaitForSecondsRealtime` ነው የሚያስፈልገው። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች በኔትወርክ የሚጫወቱት ጌም ላይ የአንዱ ምት የሌላውን ዓለም ማስቆም የለበትም።

ስለዚህ የሚቆሙት መቺውና ተመቺው ብቻ ይሁኑ። እያንዳንዱ አካል የራሱን መቆሚያ ይቁጠር፦

```gdscript
func _physics_process(delta):
    read_input()
    if stop_frames > 0:
        stop_frames -= 1
        anim.speed_scale = 0.0
        return
    anim.speed_scale = 1.0
    move_and_fight(delta)

func add_stop(frames):
    stop_frames = max(stop_frames, frames)
```

እዚህ አጭር ኮድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደብቀዋል፤ ሦስቱንም የተማርኩት ከስሕተት ነው።

`read_input()` ከመቆሚያው በላይ መሆኑን ተመልከቱ። ተጫዋቹ መዶሻው በቆመበት 150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቀጣዩን ጥቃት ይጫናል፤ ምቱ ሲያርፍ እጁ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ነውና። ያንን መጫን ከጣልነው ተጫዋቹ የሚሰማው ክብደት ሳይሆን የማይታዘዝ ኮንትሮለር ነው። ስለዚህ ሲቆም የተጫነው ይቀመጥ፤ መቆሙ ሲያበቃ ይፈጸም። የተቀመጠውን ጥያቄ ዕድሜ የሚቆጥር ቆጣሪ ካላችሁ እሱም አብሮ ይቁም። አለበለዚያ 8 ፍሬም ብቻ የሚጠብቅ ጥያቄ 9 ፍሬም በሚቆም መዶሻ ውስጥ ይሞታል።

`anim.speed_scale` የተቀመጠው አካሉ ቆሞ አኒሜሽኑ እንዳይቀጥል ነው። ይህ ሲረሳ መዶሻው ባለበት ሳይቆም እየወረደ ገጸ ባሕርዩ ብቻ ቦታው ላይ ይተከላል። ስክሪኑን ቀርጾ በፍሬም በፍሬም ካላዩት በቀር «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ከማለት ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

`max` የገባው ደግሞ ለድምር ነው። መዶሻው በአንድ ምት አምስት ጠላት ቢያገኝና የአምስቱም 9 ፍሬም ቢደመር 45 ፍሬም ይሆናል፤ ሦስት አራተኛ ሰከንድ። ጌሙ የተሰበረ ይመስላል። አምስትም ቢሆኑ አንድ ምት አንድ መቆም ነው። ፈጣን መሣሪያም እንዲሁ ይታሰብበት። በሰከንድ ስድስት ጊዜ የሚወጋ ጩቤ በእያንዳንዱ 5 ፍሬም ቢቆም፣ ለአንድ ሰከንድ ጥቃት ግማሽ ሰከንድ መቆም ጨመርን ማለት ነው። ለጩቤ የመጀመሪያው ምት 3፣ ተከታዮቹ 1 ፍሬም ቢቆሙ ይበቃል።

ካሜራውን ትታችሁ ተመቺውን አንቀጥቅጡ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ማቅለሽለሽ እንመለስ፤ ምክንያቱን ካወቅን መፍትሔው ይገኝበታልና።

ሰውነታችን መንቀሳቀሱን የሚያውቀው ከሁለት ዋና ምስክሮች ነው፦ ከዓይንና ከውስጠኛው ጆሮ። ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ጭንቅላታችን ሲያዘነብልና ሲፋጠን ይሰማዋል። ዓይን ደግሞ የሚያየው ዓለም በሙሉ አብሮ ሲንሸራተት «የተንቀሳቀስሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱ ሲስማሙ ችግር የለም። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪኑ በሙሉ ሲናወጥ ግን ዓይን «ተንቀሳቀስን» ይላል፤ ጆሮ «ኧረ አልተንቀሳቀስንም» ይላል። ይህ አለመስማማት ሲደጋገም ማዛጋት፣ ላብ፣ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል።

ዋናው ነገር ዓይንን የሚያሳስተው *ሁሉም ነገር አንድ ላይ* መንቀሳቀሱ መሆኑ ነው። ቆሞ ባለ ዓለም ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ቢንቀጠቀጥ ዓይን «እሱ ተንቀጠቀጠ» ይላል እንጂ «እኔ ተናወጥኩ» አይልም። ስለዚህ መናወጡን ከካሜራው ላይ አንሥተን ተመቺው ላይ ብንጥለው ማዞሩ ይጠፋል፤ የምቱ ኃይል ደግሞ መግለጽ በሚገባው ቦታ ይገለጻል። ኃይሉ የገባው ጠላቱ ውስጥ ነውና።

መዶሻዬ ላይ ያደረግሁት እንዲህ ነው። በቆሙት 9 ፍሬሞች ውስጥ የጠላቱ ሥዕል በየሁለት ፍሬሙ 3 ፒክስል ወደ ግራ፣ 3 ፒክስል ወደ ቀኝ ይላል፤ ወደ መጨረሻው ወደ 1 ይወርዳል። መቺው ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ የቆመው መዶሻ ጽኑ፣ የሚንዘፈዘፈው ጠላት ደካማ ሆኖ ይታያል። የሚነቃነቀው ሥዕሉ ብቻ ነው። የጠላቱ ትክክለኛ ቦታና የመመቻ ሳጥኑ አይንቀሳቀሱም፤ ቢንቀሳቀሱ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ጠላት ታገኛላችሁ። መቆሙ ሲያበቃ ጠላቱ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይወረወራል። ያ ታፍኖ ቆይቶ የሚለቀቅ ኃይል ከየትኛውም የካሜራ መናወጥ የበለጠ ክብደት ሰጠኝ።

ካሜራው አንዴ ይገፋ

ካሜራውን ጨርሶ አትንኩ እያልኩ አይደለም። ትንሽ ግፊት ምቱን ከዓለሙ ጋር ያያይዘዋል። ቀድሞ የሠራሁት ግን ልኩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ስቶ ነበር።

መጀመሪያ መጠማዘዙን እንይ። 3 ዲግሪ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ከሥዕሉ መሃል እስከ ጥጉ ግን 367 ፒክስል ገደማ ስለሆነ 3 ዲግሪ ማለት ጥጉ ላይ 19 ፒክስል መንሸራተት ነው። በዓይናችን ዳር የምናየው ደግሞ ለመንቀሳቀስ ስሜት በጣም ስሱ ነው። ተጫዋቹ መሃል ላይ ያለውን ውጊያ እያየ፣ ሳያውቀው የሚያዞረው ጥጉ ነው። ከመዶሻው መጠማዘዙን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ባለ ሦስት ገጽታ ጌም ላይ፣ በተለይ በገጸ ባሕርዩ ዓይን በምናይበት፣ ወደ ጎን ማዘንበል ከሁሉም በፊት የምቀንሰው ነው። ራስ ላይ በሚጠለቅ የቪአር መነጽር ላይ ደግሞ ካሜራውን በፍጹም አታንቀሳቅሱ፤ እዚያ ካሜራው የተጫዋቹ ራስ ነው።

ሁለተኛው ጅራቱ ነው። 0.6 ሰከንድ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ቀጣዩ ምት ሳይመጣ አያርፍም። ጅራቱ ቀስ እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ይብሳል። ባሕር ላይ ሰውን ክፉኛ የሚያጥወለውለው በአምስት ሰከንድ ገደማ አንዴ የሚመላለሰው ዝግተኛ ውዝዋዜ እንጂ የሞተሩ ንዝረት አይደለም። ካሜራም አጭርና ፈጣን ሆኖ ቶሎ ይረፍ።

ሦስተኛው በየፍሬሙ ዕጣ እያወጡ ካሜራውን መወርወር ነው። 60 ፍሬም ላይ የምታውቁት መንቀጥቀጥ 144 ፍሬም በሚያሳይ ስክሪን ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ሌላ ነገር ይሆናል። የጌም ፕሮግራመሩ ስኩዊረል አይዘርሎ በ2016 በጂዲሲ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ያስረዳው ነገር እዚህ ይጠቅማል፦ የመናወጡ ልክ ከኃይሉ ካሬ ጋር ይሂድ፣ እንቅስቃሴውም ከዕጣ ሳይሆን ጊዜን ተከትሎ ከሚፈስ ኩርባ ይምጣ። ካሬው ሲገባ መናወጡ ቶሎ ይወርዳል፤ ጅራቱም ለስላሳ ይሆናል። ለረጅም ፍንዳታ እሱ እንዳለው ኖይዝ የሚባለውን እንዲህ ያለ ኩርባ እጠቀማለሁ። ለመዶሻ ግን አቅጣጫ ያለው አንድ ግፊት ይሻላል፤ መዶሻው ወደ ታች ከወረደ ካሜራውም ወደ ታች ይገፋና ይመለሳል። አቅጣጫውን ተጫዋቹ ራሱ ስለመረጠው ዓይኑ ይጠብቀዋል፤ የተጠበቀ እንቅስቃሴ ደግሞ ካልተጠበቀው ያነሰ ያዞራል።

```gdscript
func kick(dir, px):
    if px >= power * left * left:
        aim = dir
        power = px
        left = 1.0

func _process(delta):
    left = max(left - delta / 0.18, 0.0)
    var age = (1.0 - left) * 0.18
    var swing = cos(TAU * 12.0 * age)
    offset = aim * power * left * left * swing * shake_setting
```

ግፊቱ 0.18 ሰከንድ ይቆያል፤ በሰከንድ 12 ጊዜ በሚመላለስ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ብሎ ያርፋል። ለመዶሻው `px` 5 ነው፤ ከ360 ፒክስል ቁመት 1.4 በመቶ ገደማ። ጌማችሁ በተለያየ የስክሪን ልክ የሚሠራ ከሆነ በመቶኛ አስቡት፤ 5 ፒክስል በ360 ላይና በ1080 ላይ አንድ አይደለም። አሁንም ምቶች አይደመሩም፤ አዲሱ ምት የሚገባው እየከሰመ ካለው የማያንስ ከሆነ ብቻ ነው።

የተለወጠው `offset` ብቻ መሆኑንም አስተውሉ። ካሜራው ገጸ ባሕርዩን የሚከተልበት ቦታ አልተነካም። ብዙ ሰው ግፊቱን ካሜራው ቦታ ላይ ይደምርና፣ የሚከተለው ኮድ ሊመልሰው ሲታገል ካሜራው እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ያያል፤ አንዳንዴም ከመቶ ምት በኋላ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ከመሃል ወጥቶ ይገኛል። በጠመንጃ ጌም ላይ ደግሞ ጥይቱ ከተናወጠው ካሜራ ላይ ከተለካ ተጫዋቹ ያነጣጠረውን ይስታል፤ ማነጣጠሪያው ካልተናወጠው ካሜራ ይነሣ።

የጤና መስመሩና ነጥቡ ያሉበት ክፍልም አብሮ አይንቀሳቀስ። ጎዶት ላይ `CanvasLayer` ውስጥ ከገባ ካሜራው አይነካውም። ዓለሙ ሲናወጥ ጥግ ላይ ጸንቶ የቆመ ነገር ለዓይን መያዣ ይሆነዋል። አንዳንዶች ሁሉም ነገር ሲናወጥ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ግን ያንን መያዣ ለውበት ብዬ አልሰጥም።

በደቂቃ ስንት ሰከንድ?

ጓደኛዬን ያዞረው አንድ ምት አልነበረም። ድምሩ ነው። የድሮውን ጌም ቀርጬ ቆጠርኩት፤ በደቂቃ ወደ 40 ምት ይመታል፤ ሁሉም ምቶች ያንቀጠቅጡ ነበር። 40 ሲባዛ በ0.6 ሰከንድ 24 ሰከንድ ነው። ከእያንዳንዱ ደቂቃ ሁለት አምስተኛው መናወጥ ነበር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ መቻሉ ራሱ ይገርማል።

አሁን ካሜራውን የሚገፋው መዶሻና የመጨረሻው ምት ብቻ ነው፤ ከ40ው 8 ያህሉ። 8 ሲባዛ በ0.18 ወደ 1.4 ሰከንድ ይመጣል። ቡጢና እርግጫ መቆምና የተመቺው መንዘፍዘፍ ብቻ አላቸው፤ ካሜራ አይነኩም። አዲስ ጥቃት በጨመርኩ ቁጥር ይህን ቁጥር እንደገና እሠራዋለሁ። ጌሙ እያደገ ሲሄድ መናወጥ ሳይታወቅ የሚከማቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚያዞረው ሰው ይኖራል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ከዜሮ እስከ መቶ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ ይኑር፤ ከላይ ባለው ኮድ `shake_setting` እሱ ነው። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ማድረግ፣ በሠላሳ በመቶ ተደስቶ መጫወት የሚችለውን ሰው ወደ ዜሮ መግፋት ነው። መቆጣጠሪያው ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ይገኝ፤ የሚያስፈልገው ሰው ካቅለሸለሸው በኋላ ሜኑ ውስጥ እንዲፈልገው መደረግ የለበትም። ጌሙ ብራውዘር ላይ የሚሠራ ከሆነ ተጫዋቹ ይህን ለመሣሪያው አስቀድሞ ነግሮት ሊሆን ይችላል፤ `prefers-reduced-motion` ን ጠይቁና ያለ ምንም ጥያቄ ከዜሮ ጀምሩለት።

መቆጣጠሪያው የሚቀንሰው የካሜራውን ግፊት ብቻ ይሁን። ሂት-ስቶፑን አብሮ ከቀነሰ ክብደቱ ይጠፋል፤ የጥቃቱ ጊዜም ስለሚለወጥ ጌሙ ሌላ ጌም ይሆናል። የካሜራው መናወጥ በጠፋበት ቦታ ስክሪኑን በሙሉ ነጭ የሚያበራ ብልጭታ መተካትም ስሕተት ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ሙሉ ስክሪን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ በላይ እንዳይኖር የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ተመቺውን ብቻ ለሁለት ፍሬም ማንጣት ይበቃል።

እንዴት ይፈተሻል?

የመጀመሪያው ፈተና መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ አድርጎ መጫወት ነው። ካሜራው ፈጽሞ ሳይነቃነቅ መዶሻው ከከበደ ሥራው ተሠርቷል፤ ካልከበደ ግን ግፊት መጨመር አያድነውም። ወደ አኒሜሽኑ ተመለሱና ማንሣቱ አጥሮ እንደሆነ፣ መውረዱ ዘግይቶ እንደሆነ፣ የመንኪያው ፍሬም መዶሻው ጠላቱ ላይ በትክክል ያረፈበት መሆኑን እዩ። እኔ መዶሻው ከጠላቱ አናት አንድ ፍሬም አልፎ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሲቆም ያገኘሁት በዚህ ፈተና ነው። መቆሚያውን አንድ ፍሬም ቀደም ሳደርገው ክብደቱ ወዲያው ተለወጠ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ይፈልጋል፤ እናንተ ግን ያ ሰው አይደላችሁም። ጌሙን በየቀኑ ለወራት ስታዩ የኖራችሁ ስለሆነ ሰውነታችሁ ለምዶታል። ለእናንተ «ትንሽ ቀነሰ» የሚመስለው ልክ ለአዲስ ሰው አሁንም ብዙ ነው። መኪና ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው ፈልጉ፤ ከእሱ የተሻለ ፈታሽ የለም። ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በፈለገ ጊዜ እንዲያቆምም ንገሩት፤ ሰውን ሳያውቅ ማሳመም ተገቢ አይደለምና። ሃያ ደቂቃ ይጫወት። እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቱን ተመልከቱ። አብዛኛው ሰው በትሕትና «ደህና ነኝ» ይላል፤ ማዛጋቱ፣ ግንባሩን ማሸቱ፣ በምቶች መካከል ዓይኑን ማንሣቱ ግን ቀድመው ይናገራሉ። ምልክቱ የታየበትን ደቂቃ ጻፉና ያ ደቂቃ ላይ ጌሙ ውስጥ ምን እንደነበር ፈልጉ።

ጓደኛዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ጌም መቆጣጠሪያው መቶ ላይ ሆኖ አርባ ደቂቃ ተጫወተ። አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንዴ አዛጋ፤ ቅጂውን ሳየው ግዙፉ ጠላት በእያንዳንዱ እርምጃው መሬቱን የሚያናውጥበት ቦታ ነበር። ያንን ኮድ ከመዶሻው በፊት ጽፌው ነበርና ረስቼዋለሁ፤ እርምጃው አሁንም በየፍሬሙ ዕጣ እያወጣ ካሜራውን ይወረውር ነበር። አሁን የሚንቀጠቀጠው ከእግሩ ሥር ያለው አቧራና ጠጠር ነው።